የሠርግ ኢንዛይም፣ የዘወትር ኢንዛይም

«ኢንዛይምህ ከፍ ካለ ጉበትህ አልቋል» የሚል ወሬ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። መጨረሻው ላይ በሦስት ቀን ጉበት የሚያጥብ የቅጠል ጭማቂ ይሸጣል። የአጎቴ ልጅም የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዞ ማታ ቤቴ ከች ያለው ይህንኑ ሰምቶ ነው። «ጋሼ፣ አለቀልኝ እንዴ?»

ወረቀቱ ኤኤስቲ 92፣ ኤኤልቲ 61 ይላል፤ የሁለቱም ጣሪያ 40 ነው። (የድሮ ስማቸው ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ነው። ስሙ ሲለያይ ሌላ ምርመራ የታዘዘ መስሎት ሁለቴ የከፈለ ሰው አይቻለሁ።) እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሚዜ ሆኖ ቢራውም አረቄውም ሥጋውም አልቀረውም። ሰኞ ራሱን ሲያመው ፓራሲታሞል ዋጠ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደም ሰጠ።

ምርመራውን «የጉበት ሥራ» ብለው የሚጠሩት ሰዎች ሁሌም ያበሳጩኛል። ጉበት መሥራቱን የሚናገሩት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጋት ጊዜ ናቸው። ኤኤልቲና ኤኤስቲ ግን በሴሉ ውስጥ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ የሴሉ ሽፋን ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። የምንለካው ፍሳሹን ነው። እንስራው ማዠቱን እንጂ ምን ያህል ውኃ እንደቀረው አይነግረንም። እንዲያውም ጉበቱ በጠባሳ የተሞላ ሰው የሚያፈስ ሴል አንሶት ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ኤኤልቲ በአብዛኛው ሳሎን ውስጥ፣ ማለትም በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ፣ ይቀመጣል። በጉበት ካለው ኤኤስቲ አብዛኛው ግን ጓዳ ገብቷል፤ ጓዳው ማይቶኮንድሪያ ነው። አልኮል ጓዳ ድረስ ዘልቆ ይጎዳል፤ ለዚህም ነው የጠጪ ሰው ኤኤስቲ ከኤኤልቲ የሚበልጠው። ሌላም ምክንያት አለ። ሁለቱም ኢንዛይሞች ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠሩም፤ ለዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ እጥረቱ ይበልጥ የሚያዳክመው ኤኤልቲን ነው። እዚህ ላይ የእኛ የላቦራቶሪ ሰዎች ጭቅጭቅ ይነሳል፦ አንዳንዱ መመርመሪያ ኬሚካል ቢ6 ተጨምሮበት ይመጣል፣ አንዳንዱ አይጨመርበትም። ስለዚህ ያው ደም በሁለት ላቦራቶሪ የተለያየ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። «ኤኤስቲ ሁለት እጥፍ ከሆነ አልኮል ነው» የሚለው ሕግም ለረጅም ጊዜ ጠጪ እንጂ ለሁለት ቀን ሚዜ አይሠራም። ኤኤስቲ በጡንቻም ውስጥ ስለሚገኝ፣ እስኪነጋ እስክስታ የወረደ ሰው ትከሻውም የድርሻውን ሳያዋጣ አልቀረም።

ፓራሲታሞሉን አልጠረጠርኩትም። 2006 ላይ በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች በየቀኑ 4 ግራም ሲወስዱ ከሦስቱ የአንዱ ያህል ኤኤልቲ ከጣሪያው ሦስት እጥፍ አልፎ ነበር፤ ጭማሪው የታየው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እሱ የወሰደው የአንድ ቀን ነው። ከመጠጥ ጋር መደራረቡን ግን ተቆጥቼዋለሁ። ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል እወስደው ነበር።

ሦስት ሳምንት መጠጥ ሳይነካ ቆይቶ ደም ሰጠ፦ ኤኤስቲ 34፣ ኤኤልቲ 52። ወሬኛው እዚህ ቢኖር «ጭማቂው ግማሹን አጠበ» ይል ነበር። ሒሳቡ ሌላ ነው። ደም ውስጥ የገባ ኤኤስቲ በ17 ሰዓት ገደማ፣ ኤኤልቲ በ47 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በ21 ቀን ውስጥ ኤኤልቲ ከአሥር ጊዜ በላይ ይጋመሳል፤ ከሠርጉ የቀረ ፍሳሽ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያ 52 አዲስ ፍሳሽ ነው፤ ሠርጉ የሸፈነው የዘወትር ፍሳሽ።

የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ አስደረግነው፤ ነፃ ነው። አልትራሳውንዱ ላይ ግን የጉበት ስብ ታየ። «ሥጋው ነዋ!» አለ። በቀን ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ እንደሚጠጣ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስዊድን ውስጥ 18 ጤነኛ ወጣቶች ለአራት ሳምንት በቀን ሁለቴ ፈጣን ምግብ ሲበሉ የኤኤልቲያቸው አማካይ ከ22 ወደ 97 ወጥቶ ነበር፤ ጭማሪው የተያያዘው ግን ከስቡ ይልቅ ከስኳሩና ከስታርቹ ጋር ነው። ጉበት የተረፈውን ስኳር ራሱ ስብ አድርጎ ያከማቻል።

ለስላሳውን ትቶ በአራት ወር አምስት ኪሎ ቀነሰ። ኤኤልቲው 38 ሆነ። በእኛ ወረቀት ጤናማ ነው፤ የወንድን ጣሪያ 33 ባደረጉት ሐኪሞች ዘንድ ግን ገና ከፍ ያለ ነው። በሦስት ወር እንደገና ደም ይሰጣል።