ማርሽ ሲገባ የሚጠፋው ሞተር

ሞተር ሳይክሉ በኒውትራል በደንብ ይነሳል፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ግን ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ሰው ነዳጅን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የጎን ማቆሚያውን እንድታዩ እመክራለሁ። በማቆሚያው መታጠፊያ ላይ ያለችው ትንሽ ስዊች፣ እግሩ ተዘርግቶ ሳለ ማርሽ ከገባ ሞተሩን ታጠፋለች፤ የተዘረጋ ማቆሚያ ኩርባ ላይ መሬት ነክቶ ነጂውን ሊጥል ይችላልና። እግሩ ታጥፎም ከጠፋ፣ ስዊቿ ጭቃ ይዛለች ወይም ሽቦዋ ተበጥሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አጽዷት፣ እግሩን ደጋግማችሁ እያጠፋችሁና እየዘረጋችሁ ሞክሩ።

አረንጓዴው N መብራት ኒውትራል ላይ ሆኖ ካልበራ፣ ማስነሻውም እምቢ ሊል ይችላል። ማቆሚያውን አጥፋችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ከተነሳ ችግሩ የኒውትራል ስዊች ወይም ሽቦው ሳይሆን አይቀርም።

የነዳጅ መርጫው FI መብራት ቁልፍ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ቢጠፋ ጤናማ ነው። እየነዳችሁ ከበራ ግን ኮምፒውተሩ የሴንሰር ወይም የሽቦ ስህተት አግኝቷል፤ መካኒክ ያንብበው። የማቆሚያው ስዊች ሲበላሽ በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ መብራት አይበራም።

እባካችሁ፣ የማቆሚያዋን ስዊች ቆርጣችሁ ሽቦውን በቀጥታ አታገናኙ፤ አዲስ አስገቡ።