የደመወዝ ወረቀትዎን ከላይ እስከ ታች ያንብቡት

ደመወዝ በተከፈለ ቀን ብዙ ሰው የሚያየው ከወረቀቱ ግርጌ ያለችውን አንዲት ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯ ካለፈው ወር ጋር ከተመሳሰለች ወረቀቱ ተጣጥፎ ኪስ ይገባል። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ መመሳሰሏ ልክ ለመሆኗ ማስረጃ አይደለም፤ ባለፈው ወር የተሠራ ስሕተት በዚህም ወር ይደገማልና። ስለዚህ አንድ የደመወዝ ወረቀት ይዘን መስመር በመስመር እንውረድ።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። መሠረታዊ ደመወዙ 8,000 ብር፥ የቤት አበሉ 1,000 ብር፥ የትራንስፖርት አበሉ 600 ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 9,600 ብር ይሆናሉ፤ ያልተጣራ ደመወዝ የሚባለው ይህ ነው።

ሦስቱ መስመሮች በአንድ ዓምድ ቢጻፉም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው። የሥራ ግብር ግን የቤት አበሉንም ይነካል። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ ከተወሰነለት መጠን እስካላለፈ ድረስ ግብር አይከፈልበትም፤ የወጣቱ 600 ብር በዚህ ወሰን ውስጥ ነው። እንግዲህ ለጡረታ የምንይዘው 8,000፥ ለግብር የምንይዘው 9,000 ብር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለይቶ የያዘ ሰው የወረቀቱን ቁልፍ ያዘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተቀናሾቹ እንለፍ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ላለው 15 በመቶ፥ እስከ 7,000 ላለው 20 በመቶ፥ እስከ 10,000 ላለው 25 በመቶ ይከፈላል። ለወጣታችን እናስላው። ከሁለተኛው 2,000 ብር 300፥ ከሚቀጥለው 3,000 ብር 600፥ ከመጨረሻው 2,000 ብር 500 ይሆናል። ድምሩ 1,400 ብር ነው። የሂሳብ ሠራተኞች ይህን በአቋራጭ ሲሠሩት የ9,000 ብርን 25 በመቶ ይወስዱና 850 ይቀንሳሉ፤ ውጤቱ ያው 1,400 ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር እንረዳለን። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ከወሰኑ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ እንጂ በመላው ደመወዝ ላይ አይደለም። «ጭማሪው ግብሩን ከፍ አድርጎ ደመወዜን ያሳንሰዋል» ብሎ የሚፈራ ሰው በከንቱ ይጨነቃል።

የጡረታው መስመር ቀላል ነው። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ይከፍላል፤ ይህም 560 ብር ነው። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ 11 በመቶ፥ ማለትም 880 ብር ይጨምራል። ይህ 880 በወረቀቱ ላይ ቢታይ እንኳ ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣ አይደለም። በሌላ በኩል፥ የጡረታው 560 ብር ግብር ከመታሰቡ በፊት እንደማይቀነስ ልብ ይበሉ።

ወጣቱ የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ውል ስላለበት 800 ብር፥ ለቁጠባና ብድር ማኅበሩም 500 ብር ይቀነስበታል። የተቀናሾቹ ድምር 3,260፥ በእጁ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ 6,340 ብር ይሆናል።

ስሕተት በምን ይታወቃል? በዚሁ ወረቀት ላይ ግብሩ 1,550 ብር ተብሎ ቢገኝ የትራንስፖርት አበሉ ሳይለይ አብሮ ታስቧል። 1,745 ብር ከሆነ ደግሞ የተሠራው በቀድሞው ሠንጠረዥ ነው። ጡረታው 630 ብር ከሆነ የቤት አበሉ ከመሠረታዊ ደመወዙ ጋር ተደምሯል ማለት ነው። በወር 150 ብር ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ በዓመት ግን 1,800 ብር ነው።

የወጪ መጋራቱ ነገር ከሌሎቹ ይለያል። እርሱ ዕዳ ስለሆነ መጨረሻ አለው። ስለዚህ ጠቅላላ ዕዳው ስንት እንደ ነበረ፥ እስካሁን ስንት እንደ ተከፈለ በማስታወሻ ይዘው በየወሩ ይቀንሱ። ዕዳው አልቆ ሳለ ተቀናሹ በልማድ ቢቀጥል የሚያስቆመው ይህ ማስታወሻ ነው።

ስሕተት ያገኙ እንደ ሆነ «ደመወዜ አነሰ» ብለው ብቻ አይሂዱ። የትኛው መስመር፥ በየትኛው ወር፥ ስንት መሆን ሲገባው ስንት እንደ ተጻፈ በማመልከቻ አስፍረው፥ የወረቀቱን ግልባጭ አያይዘው ለሂሳብ ክፍል ያቅርቡ። የሂሳብ ሠራተኛውም ክርክር ሳይሆን ቁጥር ስለሚቀርብለት መዝገቡን ከፍቶ ለማመሳከር ይቀለዋል።