ረሃብን በሦስት ጥያቄ መለካት

“ባለፉት ወራት በገንዘብ እጥረት ወይም በሌላ ምክንያት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያላገኛችሁበት ጊዜ ነበር?” በየጥናቱ መጠይቅ ውስጥ የዚህ ዓይነት ጥያቄ አይጠፋም። መላሿ “አዎ” ትላለች፣ መረጃ ሰብሳቢው ይመዘግባል። ከወራት በኋላ በዚያ ወረዳ ይህን ያህል ቤተሰብ የምግብ ዋስትና የለውም የሚል ቁጥር ይወጣና እርዳታና በጀት ይደለደልበታል።

ያቺ “አዎ” ግን የምን መልስ ናት? እናትየዋ የተጠየቀችው መጋቢት 20 ቀን ነው እንበል። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ባለፈው ነሐሴ ጎተራው ባዶ ነበር፤ አሁን እህል አለ። ሥጋና ወተት በቤቱ ከታየ ሰንብቷል፤ ግማሹ በጾሙ ነው፣ ግማሹ በዋጋው። ከእነዚህ የትኛውን አስባ እንደመለሰች ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። “ባለፉት ወራት” ስንት ወር እንደሆነ አልተነገራትም። “ሌላ ምክንያት” ጾምንም ሕመምንም ያስገባል። “በቂ” እና “የተመጣጠነ” ደግሞ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ጎመንና ቂጣ ጠግቦ የሚያድር ቤተሰብ ለመጀመሪያው “የለም”፣ ለሁለተኛው “አዎ” ማለት ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ክፍል እንደገና ጽፎ በሦስት ጥያቄ መጨረስ ይቻላል። መነሻ የሚሆን የተፈተነ መሣሪያም አለ። በአሜሪካው የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ይሠራ የነበረው ፋንታ ፕሮጀክት በመጀመሪያ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር። ከየአገሩ የተሰበሰበው መልስ ሲመረመር ስለ ስጋትና ስለ ምግብ ዓይነት የሚጠይቁት ጥያቄዎች ከባህል ባህል የተለያየ ትርጉም ሲይዙ፣ የከፋ እጦትን የሚጠይቁት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ጠባይ አሳዩ። እነዚህ ሦስቱ ተለይተው እ.ኤ.አ. በ2011 የቤተሰብ የረሃብ መለኪያ ሆነው ወጡ።

በአማርኛ እንዲህ ሊጻፉ ይችላሉ። አንደኛው፦ “ካለፈው ወር 20 ጀምሮ እስከ ዛሬ ባሉት 30 ቀናት፣ ምግብ የምታገኙበት አቅም በማጣታችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ምንም ዓይነት የሚበላ ነገር ያልነበረበት ጊዜ ነበር?” ሁለተኛው፦ “በእነዚሁ 30 ቀናት፣ በቂ ምግብ ባለመኖሩ፣ እርስዎ ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው እየራበው የተኛበት ሌሊት ነበር?” ሦስተኛው፦ “በእነዚሁ 30 ቀናት፣ በቂ ምግብ ባለመኖሩ፣ እርስዎ ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀኑንም ሌሊቱንም ምንም ሳይበላ ያሳለፈበት ጊዜ ነበር?”

እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጊዜ፣ አንድ ምክንያትና አንድ ክስተት ብቻ ይዟል። ምክንያቱ በሦስቱም ላይ የሚደጋገመው ያለ ነገር አይደለም፤ በጾም፣ በሕመም ወይም በሥራ ብዛት ያልበላውን ሰው ከቆጠራው የሚያወጣው እሱ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ደግሞ ጥያቄው ረዘመ ብለው ቶሎ የሚዘሉት ይህንኑ ሐረግ ስለሆነ በሥልጠና ላይ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ጥያቄ “ጦም ማደር” የሚለውን አነጋገር የተውኩትም ለዚህ ነው። ለዛ ያለው አማርኛ ነው፤ በሁዳዴና በረመዳን ግን መላሹን ወደ ሃይማኖቱ ይወስደዋል።

“ምንም ዓይነት የሚበላ ነገር” የሚለውም ታስቦበት የገባ ነው። እንጀራ በሚበላበት አገር “ምግብ አልነበረም” ሲባል ብዙ ጊዜ እንጀራ አልነበረም ማለት ነው፤ ቆሎ ወይም ንፍሮ ግን ኖሮ ይሆናል። ስለዚህ በመረጃ ሰብሳቢው መመሪያ ላይ ቆሎም፣ ንፍሮም፣ ጎመንም፣ እንሰት በሚበላበት አካባቢ ቆጮም የሚበላ ነገር ተብሎ እንደሚቆጠር መጻፍ አለበት። “ቤተሰብ” የሚለውም ቢሆን ሩቅ አገር ያለውን ልጅ ጭምር ያስታውሳል። ከጥያቄዎቹ በፊት በአንድ ማዕድ የሚበሉትን ሰዎች ስም አስቆጥሮ “የምጠይቅዎት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው” ማለት ይበቃል።

“አዎ” ያለ ሰው ወዲያው “ስንት ጊዜ?” ይባላል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከሆነ “አልፎ አልፎ”፣ ከሦስት እስከ አሥር “አንዳንድ ጊዜ”፣ ከአሥር በላይ ከሆነ “ብዙ ጊዜ” ተብሎ ይመዘገባል። ቃሎቹን ብቻ አንብቦ ምረጡ ማለት ስህተት ያመጣል፤ የአንዱ “አንዳንድ ጊዜ” የሌላው “ብዙ ጊዜ” ነውና ቁጥሩን መቀበል ይሻላል። “የለም” ዜሮ፣ እስከ አሥር ጊዜ አንድ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ነጥብ ያገኛል። ለምሳሌ አንዲት እናት ቤቱ አራት ጊዜ ባዶ እንደነበር፣ አሥራ ሁለት ሌሊት ከልጆቿ አንዱ እየራበው እንደተኛ፣ ሙሉ ቀን ሳይበላ ያደረ ግን እንደሌለ ብትናገር ነጥቧ 1፣ 2 እና 0፣ በድምሩ 3 ይሆናል። ድምሩ 0 ወይም 1 የሆነ ቤተሰብ ረሃብ የለበትም ወይም ጥቂት ነው ይባላል፤ 2 ወይም 3 መካከለኛ፣ ከ4 እስከ 6 ከባድ ረሃብ ነው። ስለዚህ የዚህች እናት ቤተሰብ በመካከለኛ ረሃብ ውስጥ ነው።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው በሚሸፍነው ጊዜ ነው። ሠላሳ ቀን የተመረጠው ሰው የራበውን ሌሊት ለዚያን ያህል ጊዜ ስለሚያስታውስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንት ሌሊት እየራባት እንደተኛች የተጠየቀች እናት ግምት እንጂ ቁጥር ልትሰጥ አትችልም። እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ትልቅ እገዛ አለው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ፣ ቃለ መጠይቁ ሐምሌ 19 ከተደረገ ሰኔ 19 ልክ 30 ቀን ወደ ኋላ ነው። በክርስቲያን ገጠር “ካለፈው ገብርኤል እስከ ዛሬ” ሲባል ቀኑን የማያውቅ የለም፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ። ይህ በማይሠራበት አካባቢ ሳምንታዊውን ገበያ ይዞ “ካለፉት አራት ገበያዎች ወዲህ” ማለት አራት ሳምንት ይሰጣል፤ ከሁለት አንዱ ተመርጦ ግን በጥናቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት መመዝገብ አለበት። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በመስከረም ነው። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ በጳጉሜን ምክንያት 35 ወይም 36 ቀን ስለሚሆን፣ መነሻው ነሐሴ 25 ወይም 26 መሆን ይኖርበታል።

የ30 ቀኑ ጥያቄ የማይመልሰው ግን የዓመቱን መልክ ነው። የመኸር ሰብል በሚለማበት አገር ምርቱ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ጎተራው የሚሳሳው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። ከላይ ያየናት እናት በነሐሴ 3 ነጥብ ቢኖራት፣ ያው ጥያቄ በጥር ሲቀርብላት 0 ልታገኝ ትችላለች። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው። ስህተቱ የነሐሴውን ቁጥር ከሌላ ዓመት የጥር ቁጥር ጋር አነጻጽሮ “የምግብ ዋስትና ተሻሻለ” ማለት ነው። የመስክ ሥራው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ሲጎተትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የተጎበኙት ወረዳዎች የተራቡ፣ መጨረሻ ላይ የተደረሰባቸው የጠገቡ ይመስላሉ። ይህን ለማስቀረት ወይ ሥራውን ወደ ጥቂት ሳምንታት ማጥበብ፣ ወይ የወረዳዎቹን ተራ በዕጣ ማደባለቅ ያስፈልጋል።

የዓመቱን መልክ ለማግኘት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይበቃል፦ “ባለፉት 12 ወራት ቤተሰቡን ለመመገብ በቂ ምግብ ያልነበራችሁ በየትኞቹ ወሮች ነው?” መረጃ ሰብሳቢው ካለፈው ወር ጀምሮ ወደ ኋላ ወር በወር እያነበበ ምልክት ያደርጋል። ገበሬ ወሩን ከእርሻው ጋር አያይዞ ስለሚያስታውስ፣ የሌሊቶች ብዛት የሚከብደው ሰው እጦቱ የጀመረበትን ወር አይስትም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ዋናው ጉዳይ ይኸው የእጦት ወር ብዛት ነው፤ ድጋፉ የሚሰጠው ያን ክፍተት እንዲሞላ ነውና። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናትም የ7 ቀንና የ12 ወር ጥያቄዎችን ለየብቻ ይጠይቃል። ሰባት ቀን የሚጠቅመው ምን እንደተበላና ቤተሰቡ እጦቱን በምን ዘዴ እንደተወጣው ለመጠየቅ ነው። ሁለት ዓይነት ጊዜ በአንድ መጠይቅ ውስጥ ካለ አንዱን ጨርሶ፣ “አሁን ደግሞ ስላለፈው ዓመት ሁሉ ነው የምጠይቅዎት” ብሎ መሻገር ግድ ነው። ካልሆነ መላሿ ለአዲሱም ጥያቄ ስላለፈው 30 ቀን ትመልሳለች።

የሦስቱ ጥያቄዎች ገደብም መታወቅ አለበት። የሚይዙት የከፋውን ረሃብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ በቀረው ገንዘብ ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚበላ፣ ወሩ ሳያልቅ የሚጨነቅ ደመወዝተኛ በዚህ መለኪያ 0 ያገኛል። እሱን ለማየት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚጠቀምበት ባለ ስምንት ጥያቄ መለኪያ ይሻላል፤ እሱ ከስጋት ጀምሮ፣ ምግብን መቀነስን አልፎ፣ ሙሉ ቀን ሳይበሉ እስከ መዋል ይዘልቃል።

ክፍሉ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ከጥናቱ ናሙና ውጭ ላሉ ጥቂት ሰዎች ተነቦ “ይህን ስጠይቅዎ ምን መጣብዎት?” መባል አለበት። የሚጠየቀው ምግብ የሚያዘጋጀው ሰው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ እናት ናት። ባል ወይም የቀበሌ ሹም አጠገቧ ካለ መልሱ ይለወጣል። እርዳታ በሚከፋፈልበት አካባቢ ደግሞ መልሷ ከእርዳታ መዝገብ ጋር እንደማይገናኝ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ ቃሉም መጠበቅ አለበት።

መረጃው ሲገባ የመጀመሪያው ፍተሻ ቀላል ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ “አዎ” ያሉት ሁለተኛውን “አዎ” ካሉት መብለጥ የለባቸውም፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያልበላ ሰው እየራበው የተኛበት ሌሊት አለና። ሁለተኛውን “የለም”፣ ሦስተኛውን “አዎ” ያሉ ቤተሰቦች ከበዙ ጥያቄው በትክክል አልተነበበም ወይም ጾም ገብቶበታል። ይህን ቁጥር በመረጃ ሰብሳቢ ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ቅጽ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፣ ሰዎቹም ገና መስክ ላይ እያሉ ሊታረም ይችላል። በአንድ ቀበሌ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ለሦስቱም ጥያቄ “አዎ፣ ከአሥር ጊዜ በላይ” ካለ ደግሞ ተቆጣጣሪው ተመልሶ ሄዶ ቃለ መጠይቁ ሲጀመር ምን እንደተባለና አጠገባቸው ማን ቆሞ እንደነበር መጠየቅ አለበት።