ፊደሉ ሲቀየር ሠንጠረዡ እንዳይፈርስ

ዋሽንግተን ዲሲ በአውሮፓውያኑ 2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ያስገድዳል። ከተገልጋዮቻቸው መካከል እንግሊዝኛ አጥርተው የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 500 ወይም 3 በመቶ ከሞሉ፣ ከሁለቱ አነስተኛው ይወሰድና አስፈላጊ ሰነዶች ወደዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ ይህን መስፈርት ካሟሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የጤና ማስታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ድጋፍ ማመልከቻ ወደ አማርኛ የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው። ተርጓሚው እጅ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዎርድ ፋይል ሆኖ ነው።

እንደ ምሳሌ አራት ገጽ ያለው የክትባት ማስታወቂያ እንውሰድ። መጀመሪያው ላይ አጭር ማውጫ አለ፤ ቀጥሎ ሦስት ዋና ርዕሶች ይመጣሉ። ሦስተኛው ገጽ ወደ ጎን የተጋደመ ሲሆን በውስጡ አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይዟል፤ የክትባቱ ስም፣ የልጁ ዕድሜ፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ የተሰጠበት ቀንና የነርሷ ፊርማ። ተርጓሚው ቋንቋውን ጠንቅቆ ያውቅ ይሆናል። ሥራውን ሲጨርስ ግን ሠንጠረዡ ለሁለት ገጽ ተሰንጥቆ፣ ማውጫው በእንግሊዝኛ ቀርቶ፣ የፊደላቱ አናት ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ይህን ቅጽ የምትሞላው እናት ትርጉሙ ምንም ያህል ቢያምር ፊርማዋን የት እንደምታኖር ካላወቀች አልጠቀማትም።

ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ዎርድ ገጹን እንዴት እንደሚይዘው ማወቅ ይጠቅማል። መጨረሻው docx የሆነ ፋይል በውስጡ በርካታ ትናንሽ ፋይሎችን የያዘ የታመቀ ጥቅል ነው። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ጽሑፉ ተቀምጧል፤ በየአንቀጹ፣ በየረድፉና በየሳጥኑ ዙሪያ ደግሞ «ይህ ርዕስ ነው»፣ «ይህ ሳጥን እዚህ ያበቃል» የሚሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። የገጹ መልክ ያለው ቃላቱ ላይ ሳይሆን እነዚህ ምልክቶች ላይ ነው። ተርጓሚ ቃሉን ሊያጠፋ ብሎ ምልክቱን አብሮ ሲያጠፋ ገጹ ይፈርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥና የተሰወሩትን ምልክቶች ማሳየት ነው። Ctrl፣ Shift እና 8 አንድ ላይ ሲጫኑ በየአንቀጹ መጨረሻ ¶ ይወጣል፤ የገጽና የክፍል መቁረጫዎችም ይታያሉ። ይህች ¶ የአንቀጹን ስታይል፣ ከዳር የሚገባበትን ርቀትና የመስመር ክፍተቱን ይዛለች። እሷ ከተሰረዘች ርዕሱ ከሥሩ ካለው አንቀጽ ጋር ተጣብቆ አንድ ይሆናል። የጎን ገጹም ጥበቃው እንደዚሁ ነው። ከሠንጠረዡ በፊትና በኋላ Section Break የሚል ነጠብጣብ መስመር አለ። ዎርድ የክፍል መቁረጫ ሲጠፋበት ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ ከኋላው ባለው ክፍል መልክ ያደርገዋል። በመሆኑም ከሠንጠረዡ በፊት ያለው መስመር አንዴ ከተሰረዘ ቀጥ ብለው የነበሩት ሁለቱ ገጾች አብረው ይጋደማሉ።

ቀጥሎ ርዕሶቹን መመርመር ነው። View ውስጥ Navigation Pane ሲከፈት ሦስቱ ርዕሶች በግራ በኩል ተዘርዝረው ከታዩ ባለቤቱ ሰነዱን በስታይል አዘጋጅቶታል ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ግን «ርዕሶቹ» ተለቅ ብለውና ደመቅ ብለው የተጻፉ ተራ አንቀጾች ናቸው፤ ከመተርጎም በፊት እያንዳንዳቸውን Heading 1 ማድረግ በኋላ ብዙ ልፋት ያስቀራል።

እውነተኛ ርዕስ ሲተረጎም ማውጫውን መንካት አያስፈልግም። ማውጫው ዎርድ ከርዕሶቹ እየሰበሰበ ራሱ የሚጽፈው ነው። በላዩ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ድካሙ ሁሉ ማውጫው በታደሰ ቅጽበት ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ ርዕሶቹን በየቦታቸው መተርጎም፣ መጨረሻ ላይ ማውጫው ውስጥ ገብቶ F9 መጫንና Update entire table የሚለውን መምረጥ ነው። Error! Bookmark not defined. የሚል ጽሑፍ ከወጣ ማውጫው ወይም አንድ ማጣቀሻ የሚያመለክተው ስውር ምልክት ጠፍቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ከነምልክቱ ተሰርዞ እንደ አዲስ ስለተጻፈ ነው። ርዕስን ከመሰረዝ ይልቅ በመካከሉ ገብቶ አማርኛውን ጽፎ እንግሊዝኛውን በኋላ ማጥፋት ይህን ያስቀራል።

አሁን ፊደሉ ይመጣል፤ ለአማርኛ ተርጓሚ ልዩ የሆነው ችግርም እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ሰነድ የተሠራበት ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የኢትዮጵያ ፊደል የለውም። ዎርድ በምትኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያገኘውን ያመጣል፤ አንዱ ጋ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላን፣ ሌላው ጋ ኤብሪማን። የሁለቱ ፊደላት ስፋትና ቁመት አይመሳሰልም። በአንዱ ኮምፒውተር አራት ገጽ የነበረው ሰነድ በሌላው አምስት የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፎንቱን ተርጓሚው ራሱ መወሰን አለበት፤ የሚወስነውም በየመስመሩ ሳይሆን በስታይሉ ላይ ነው። Heading 1 ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ Modify ሲመረጥና ፎንቱ እዚያ ሲቀየር፣ ሌላ ፎንት በእጅ ያልተሰጣቸው ተመሳሳይ ርዕሶች ሁሉ ባንዴ ይቀየራሉ። ሰነዱን በሙሉ በ Ctrl እና A መርጦ ፎንት መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በምልክት ፎንት በእጅ የተጻፉ ምልክት ማድረጊያ ሳጥኖች ካሉ ወደ ትርጉም አልባ ፊደል ሊለወጡ ይችላሉ።

የፎንት ምርጫ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኒያላ የተዘጋጀ ደማቅ ቅርጽ የለውም። ዎርድ ደማቅ ሲባል ያንኑ ፊደል ያወፍረዋል፤ በትንሽ መጠን ሲሆን እንደ ጨ እና ጩ ያሉ ፊደላት ክፍተታቸው ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ስላለው ርዕስና የሠንጠረዥ አናት ለሚበዛበት ሰነድ የተሻለ ነው። ያጋደለ ጽሑፍም ለፊደላችን የተፈጠረ አይደለም፤ እንግሊዝኛው አጋድሎ ያጎላውን አማርኛው በ«» ወይም በደማቅ ቢያሳየው ያምራል። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ግን ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ዩኒኮድ ያልሆኑት የላቲን ቁምፊዎችን በአማርኛ ቅርጽ የሚያሳዩ በመሆናቸው፣ ፎንቱ የሌለው መሥሪያ ቤት ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

የቁመቱ ነገር ከሁሉም ይብሳል። የእንግሊዝኛ ሰነድ አዘጋጅ ገጹን ለማጣበብ ብዙ ጊዜ የመስመር ክፍተቱን Exactly ብሎ ይቆልፈዋል፤ ለምሳሌ ለ12 ነጥብ ጽሑፍ 12 ነጥብ ክፍተት። ላቲኑ ይበቃዋል። የአማርኛ ፊደል ግን ከፍ ስለሚል ዎርድ አናቱን ይቆርጠዋል። ቁርጡ የሚወድቀው ደግሞ ሸን ከሰ፣ ቸን ከተ፣ ኘን ከነ፣ ጀን ከደ በምትለየው አግድም መስመር ላይ ነው። «ተሸጠ» የተባለው «ተሰጠ» ሆኖ ይነበባል። ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ ትክክል ስለሆነ ጽሑፉን ብቻ የሚያርም ሰው ስህተቱን አያገኘውም፤ የታተመውን ወረቀት ያየ ብቻ ያስተውለዋል። መፍትሔው በአንቀጽ ቅንብሩ ውስጥ Exactly የሚለውን Single ወይም At least ማድረግ ነው፤ አሁንም በስታይሉ ላይ።

ሠንጠረዡም የራሱ ቁልፍ አለው። Table Properties ውስጥ Row የሚለው ላይ የረድፉ ቁመት Exactly ከተባለ፣ ጽሑፉ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ ሁለተኛው መስመር ከሳጥኑ በታች ተሰውሮ ይቀራል። በክትባቱ ሠንጠረዥ ውስጥ Notes የምትል ትንሽ ዓምድ ብትኖርና ተርጓሚው «ተጨማሪ ማብራሪያ» ብሎ ቢጽፍ፣ በስክሪን ላይ የሚታየው «ተጨማሪ» ብቻ ሊሆን ይችላል። At least ሲደረግ ረድፉ እንደ ጽሑፉ ይረዝማል። እዚያው ገጽ ላይ Allow row to break across pages የሚለው ምልክት ከተነሳ አንድ ረድፍ ለሁለት ገጽ አይከፈልም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ Repeat as header row ከተመረጠ ደግሞ ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ገጽ ቢያልፍ የዓምዶቹ ስም አብሮ ያልፋል።

ስፋቱ ሌላ ነው። ዎርድ ዓምዶቹን እንደ ጽሑፉ እንዲያሰፋ ከተፈቀደለት ረጅም የአማርኛ ቃል የገባበት ዓምድ ጎረቤቱን ይገፋል፤ የፊርማው ቦታ እየጠበበ ስም የማይጻፍበት ይሆናል። ከመጀመሪያው Fixed Column Width መምረጥ ይህን ያስቆማል፤ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። አማርኛ መነሻና መድረሻ ቅጥያዎችን ከግሱ ጋር ስለሚያጣብቅ «ስለሚያስፈልጋቸው» የሚል አሥር ፊደል ያለው አንድ ቃል ይወጣል። ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ዎርድ በዘፈቀደ መካከሉን ይሰብረዋል። እዚህ ላይ መፍትሔው ከተርጓሚው ብዕር ነው፤ በዓምድ አናት ላይ «ክትባቱ የተሰጠበት ቀን» ከማለት «ቀን» ማለት ይበቃል፤ ሠንጠረዡ ስለ ክትባት መሆኑን ርዕሱ ነግሮናልና። ፊደሉን ወደ 7 ነጥብ ማሳነስ ግን አይመከርም።

በሳጥኖቹ መካከል ሲዘዋወሩ Tab ነው የሚጫኑት፤ ኢንተር ሳጥኑ ውስጥ ባዶ አንቀጽ ይጨምራል። የመጨረሻው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ግን Tab አዲስ ረድፍ ስለሚፈጥር እዚያ መቆም ያስፈልጋል። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ጽሑፍ ሲለጠፍ Keep Text Only የሚለው ቢመረጥ የውጭ ፎንትና ክፍተት ይዞ አይገባም።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ይቀራል። «Parents must return the signed form by June 30» በሚለው ዓረፍተ ነገር ቀኑ ብቻ ደምቆ ይሆናል። አማርኛው «ወላጆች የፈረሙበትን ቅጽ እስከ ሰኔ 23 ድረስ መመለስ አለባቸው» ሲል ቀኑ ከዳር ወደ መሐል ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ መርጦ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ፊደል መልክ ብቻ ስለሚወርስ ድምቀቱ ይጠፋል፤ ወላጁ ሊያየው የሚገባው ቀንም ከሌላው ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል። እንደ ኦሜጋቲ ባለ ነፃ የትርጉም ፕሮግራም የሚሠሩ ተርጓሚዎች ይህን በቀላሉ ይይዙታል። ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አውጥቶ ያሳያል፤ ድምቀቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን በትናንሽ ምልክቶች ያመለክታል፤ ተርጓሚው ምልክቶቹን ከ«ሰኔ 23» ፊትና ኋላ ማኖር ብቻ ነው ያለበት። ሠንጠረዡንና የክፍል መቁረጫዎቹን በእጁ አይነካቸውም። የፎንቱና የቁመቱ ችግር ግን በዚህ አይፈታም፤ ትርጉሙ ወደ ዎርድ ሲመለስ ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል።

ሥራው ከማለቁ በፊት የገጹን ራስጌና ግርጌ፣ እንዲሁም በስዕል ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ካለ ማየት ይገባል፤ እንግሊዝኛ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ File፣ Options፣ Save ውስጥ Embed fonts in the file ቢመረጥ፣ ፎንቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ፊደሉ ከፋይሉ ጋር ይሄዳል። ለመሥሪያ ቤቱም ከዎርዱ ጋር ፒዲኤፉ አብሮ ይላካል፤ ተቀባዩ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሠንጠረዥ አምስቱም ዓምድ እንዳለው፣ ማውጫው የሚጠቁመው የገጽ ቁጥርም ልክ መሆኑን ማመሳከር ይችላል።