ሒሳቡ ሳይቀል ጥያቄው እንዲገባ

ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በተዘጋጀ የሒሳብ ወርክሺት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ እንበል፦ «አልማዝ ከገበያ ከገዛቻቸው 24 ብርቱካኖች ውስጥ ለጎረቤቷ የሰጠቻቸው 9 ሲሆኑ፣ የቀሩትን ለሦስት ልጆቿ እኩል ብታካፍል ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?» መልሱ 5 ነው። ቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ ያደገ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ የሚማር አንድ ልጅ ግን 8 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው ደግሞ 36 ይላል።

እነዚህ ስሕተቶች ብዙ ይናገራሉ። 8 ያለው ልጅ 24ን ለ3 አካፍሏል። ማካፈል ያውቃል፤ «እኩል» የሚለውንም ተረድቷል፤ ያመለጠው «የቀሩትን» የሚለው ነው። 36 ያለው ታሪኩ ጨርሶ አልገባውም፤ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ደምሯል። መምህሩ ይህን ለማጣራት በወረቀቱ ጀርባ 24 − 9 እና 15 ÷ 3 ብሎ በቁጥር ብቻ ይጠይቅ። ልጁ ሁለቱንም ከሠራ የከበደው ቋንቋው ነው። እዚያም ከተሳሳተ ግን ችግሩ ሒሳቡ ነውና ጥያቄውን በሌላ አማርኛ መጻፍ አያድነውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። ይሁንና በከተማ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይገኛል፤ ስለዚህ ጉዳዩ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንጻፈው፦ «አልማዝ 24 ብርቱካን ገዛች። ለጎረቤቷ 9 ብርቱካን ሰጠች። የቀረውን ብርቱካን ለ3 ልጆቿ እኩል አካፈለች። አንዱ ልጅ ስንት ብርቱካን አገኘ?» ቁጥሮቹ አልተነኩም፤ ሥራውም ያው ሁለት እርምጃ ነው። የተለወጠው እያንዳንዱ ድርጊት የራሱን ዐረፍተ ነገር ማግኘቱ ነው። በፊተኛው «የገዛቻቸው»ና «የሰጠቻቸው» ውስጥ ተሸጉጠው የነበሩት ድርጊቶች አሁን በተራቸው ይመጣሉ። «ይደርሳቸዋል» የሚለውም ወጥቷል፤ ልጁ ቃሉን የሚያውቀው ለመንገድና ለመኪና ነውና።

«የቀረው» ግን ሆን ተብሎ ቀርቷል። በመማሪያ መጽሐፉም በፈተናውም ስለሚጠብቀው ከልጁ ዐይን መሰወር አይጠቅመውም። እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ቃላት በወረቀቱ አናት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ «ቀረ» በሚለው አጠገብ «ሃፌ» ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው፤ ቁቤን ያልተማረ ልጅ ግን የገዛ ቋንቋውን ቃል ማንበብ ያቅተዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ በግዕዝ ፊደል መጻፍ፣ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄውን በሙሉ ተርጉሞ ጎን ለጎን ማስቀመጥስ? እኔ አልመክረውም። ልጁ የሚቀለውን ወገን ብቻ አንብቦ ያልፋልና የትምህርቱን ቋንቋ አይለምድም። ክፍሉ ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ ካለም የሚቻል አይደለም። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ጥንድ ሆነው በቋንቋቸው ይነጋገሩበትና ቃሉን ራሳቸው ይሙሉት።

መልሱን ለመጻፍም ድጋፍ ያሻል። «መጀመሪያ ___ ብርቱካን ነበር። ከዚያ ___ ቀረ። ስለዚህ አንዱ ልጅ ___ አገኘ።» የሚል ጅምር ሲሰጠው ልጁ ያሰበውን ያሳያል። በሒሳብ ወረቀት ላይ ለአማርኛ የፊደል ግድፈት ማርክ መቀነስ ግን ተገቢ አይደለም፤ የተለካው ሌላ ነገር ነውና።

ይህ ድጋፍ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ጅምሩ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ያንሳል። መቸኮል ግን አይገባም። በካናዳ ያስተማሩት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳሳዩት፣ ልጆች ለጨዋታና ለወሬ የሚበቃ አዲስ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲለምዱ፣ የመማሪያውን ቋንቋ ከእኩዮቻቸው እኩል ለመቻል ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። በእረፍት ሰዓት አማርኛ እያቀላጠፈ የሚጫወት ልጅ ወረቀቱ ሲከብደው «ሰነፍ ነው» የሚባለው ይህ ስለማይታወቅ ነው።

ወረቀት በሚያጥርበት ትምህርት ቤት ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ሳጥኑና ጅምሩ ብቻ በግማሽ ወረቀት ይባዛሉ። መምህራን ሆይ፣ ወደ ፎቶ ኮፒው ከመሄዳችሁ በፊት ጥያቄውን ለአንድ ልጅ አንብቡለትና ታሪኩን በፈለገው ቋንቋ መልሶ እንዲነግራችሁ፣ ቋንቋውን ካላወቃችሁም በሥዕል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካልቻለ ወረቀቱ ገና አላለቀምና አታባዙት።