ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፕሪንተር ለምን አይታይም?

ሃርልስደን ሃይ ስትሪት ላይ፣ በኢዮቤልዩ ሰዓቱ አካባቢ፣ ከሱቅ በላይ ሁለት ፎቅ የያዘች አንዲት የሒሳብና የትርጉም ቢሮ አለች እንበል። አንደኛ ፎቅ ላይ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ የጠረጴዛ ስልክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር አሏት። ዋይፋዩን ወደ ላይ የሚያደርሰው ሁለት ሣጥን ያለው ሜሽ ነው። ኢንተርኔቱ ለሁሉም ይሠራል። ከአንደኛ ፎቅ ግን ማንም ማተም አልቻለም። ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀት አለው፣ ላፕቶፖቹም ያትሙበታል። እንዲህ ያለ ጣጣ ሲገጥም ሠራተኛው ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ አንሡ እላለሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ሣሉ፤ ኬብል ያለበት ቦታ መስመር አስምሩ፤ ከጎኑ አድራሻውን ጻፉ።

አድራሻው በዊንዶውስ ኮምፒውተር እንዲህ ይገኛል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ `ipconfig` ብላችሁ ስትጽፉ `IPv4 Address` የሚለው መስመር የኮምፒውተሩን አድራሻ ያሳያል፤ `Default Gateway` የሚለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ራውተር። ፕሪንተሩ የራሱን አድራሻ ኔትወርክ በሚለው ማውጫው ውስጥ ያሳያል። በዚህ መንገድ የተሞላው ሥዕል ይኸው፦

```
ኢንተርኔት
  |
ራውተር  192.168.1.1
  |
ስዊች (8 ፖርት)
  |-- ኮምፒውተር 1   192.168.1.101
  |-- ኮምፒውተር 2   192.168.1.102
  |-- ኮምፒውተር 3   192.168.1.103
  |-- ስልክ          192.168.1.104
  |-- ሜሽ ሀ   በስዊቹ በኩል   192.168.1.105
        :    በዋይፋዩ በኩል  192.168.68.1
        :  (በአየር)
      ሜሽ ለ
        |-- ላፕቶፕ 1   192.168.68.51
        |-- ላፕቶፕ 2   192.168.68.52
        |-- ፕሪንተር    192.168.68.55
```

የሥዕሉ የላይኛው ግማሽ ኮከብ ነው። ዕቃው ሁሉ በየራሱ ኬብል አንድ ስዊች ላይ ተሰክቷል። ስዊቹ የቤት ውስጥ አስተላላፊ ነው፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ፖርት እንዳለ እያስታወሰ የመጣለትን ለባለቤቱ ያደርሳል። ተራ ስዊች ከሆነ የራሱ አድራሻ ስለሌለው ከጎኑ ምንም አልተጻፈም። ራውተሩ ግን በር ነው፤ ቢሮውን ከውጭው ዓለም ያገናኛል፣ ለየዕቃውም አድራሻ ያድላል።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። የአድራሻው የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች እንደ ሰፈሩ ፖስት ኮድ ናቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር የቤት ቁጥሩ ነው። አንደኛ ፎቅ ያለው ሁሉ 192.168.1 ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለው 192.168.68 ውስጥ። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰፈር ተፈጥሯል ማለት ነው። የፈጠረውም ሜሽ ሀ ነው፤ ከካርቶኑ ሲወጣ ራሱን እንደ ራውተር ቆጥሮ ከጀርባው ላሉት አዲስ አድራሻ ማደል ጀምሯል።

ኮምፒውተር 2 ወደ 192.168.68.55 ሊያትም ሲሞክር አድራሻው የሰፈሩ እንዳልሆነ አይቶ ሥራውን ለራውተሩ ይሰጣል። ራውተሩ ያን ሰፈር አያውቀውም። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ደግሞ በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ለግል ኔትወርክ የተተዉ ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ መንገድ የላቸውም፤ ሥራው እዚያው ይቀራል። ከላይ ወደ ታች ግን ያልፋል፤ ሜሽ ሀ ከጀርባው የመጣውን በራሱ አድራሻ እየሸፈነ ያወጣዋል። ሁሉም ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ችግሩን የሚደብቀውም ይኸው ነው።

መፍትሔው ከሜሹ ጋር በሚመጣው የስልክ መተግበሪያ ውስጥ የሥራ ሁኔታውን ከራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ሜሹ አድራሻ ማደሉን ትቶ ዋይፋይ ብቻ ይሰጣል፤ ላፕቶፖቹና ፕሪንተሩ ጠፍተው ሲበሩ ከራውተሩ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይቀበላሉ። ለፕሪንተሩ ግን የማይለወጥ አድራሻ በራውተሩ ላይ አስይዙለት፣ 192.168.1.10 ለምሳሌ፤ አለዚያ አንድ ቀን ሌላ ቁጥር ይዞ ይነሣና ኮምፒውተሮቹ ያጡታል። ራውተሩ ከ100 እስከ 199 የሚያድል ከሆነ ከዚያ ውጭ ያለ ቁጥር መምረጥ ይሻላል። ከዚያ ከኮምፒውተር 2 ላይ `ping 192.168.1.10` ብላችሁ ሞክሩ። መልስ ከመጣ መንገዱ ተከፍቷል።

ሜሹን ገና ከመጀመሪያው ለምን አስገቡት? የሃርልስደን የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች የጡብ ግድግዳና የጭስ ማውጫ ዓምድ የዋይፋይን ጉልበት ይበላሉ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ምልክቱ ይደክማል። ምክንያቱ ደህና ነው። ሜሽ ማለት መረብ ነው፤ ስሙ ግን ከሥራው ይበልጣል። በሙሉ መረብ አቀማመጥ እያንዳንዱ ዕቃ ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ለሰባቱ ዕቃዎቻችን ሰባት ሲባዛ በስድስት፣ ሲካፈል ለሁለት፣ 21 ኬብል ያስፈልጋል፤ ለኮከብ ሰባት ይበቃል። ያ ወጪ የሚያዋጣው መስመር ቢቆረጥ ሥራ መቆም በማይችልበት ቦታ ነው። ፖል ባራን በ1964 ከጥቃት የሚተርፍ የመገናኛ መረብ የነደፈው፣ በአንድ መንገድ የተዘጋ መልእክት በሌላ እንዲዞር ነው። ሁለት ሣጥን ያለው የቢሮ ሜሽ ግን የሚዞርበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ሰንሰለት ነው። ሦስተኛ ሣጥን ቢጨመር እንኳ ሁሉም የሚወጡት በዚያው በአንዱ ራውተር በኩል ነው።

ሌላም ጉድለት አለው። ሜሽ ለ ከሜሽ ሀ የሚቀበለውንና ለላፕቶፖቹ የሚሰጠውን በአንድ ሬዲዮ የሚያደርግ ከሆነ በየተራ ስለሆነ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አንድ ኬብል በደረጃው ጥግ አሳልፋችሁ ሜሽ ለን ስዊቹ ላይ ብትሰኩት ይህ ይቀራል። የአንድ ኬብል ርቀት እስከ 100 ሜትር ይፈቀዳል፤ ለዚህ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ሥዕሉም ዞሮ ኮከብ ይሆናል። እኔ ከቻልኩ ሁልጊዜ ይህን እመርጣለሁ።

አንድ ብልጥ ሰው ይነሣና «ሁለተኛ ስዊች ልጨምርና መጠባበቂያ እንዲሆን ሁለቱን በሁለት ኬብል ላገናኛቸው» ሊል ይችላል። በተራ ስዊች አይሞከርም። ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ኬብል ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ የሚያቆመው ስለሌለ በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩን ያጥለቀልቃል። ምልክቱ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት፣ ያለ ዕረፍት ሲርገበገቡ ነው። ትርፉን ኬብል ንቀሉ፣ ይረጋጋል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 የፈጠረችው ስልት ትርፍ መንገዱን ዘግቶ ዋናው ሲቆረጥ ብቻ ይከፍተዋል፤ ርካሹ ስዊች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም።

የኮከቡ ድክመት መሐሉ ነው። ስዊቹ ከሞተ ሁሉም ይቆማል፤ ራውተሩ ከሞተ ኢንተርኔቱ ይቆማል። ብሪታንያ አሮጌውን የመዳብ የስልክ አገልግሎት በጃንዋሪ 2027 ልትዘጋ ስለሆነ ስልኩም ወደ ራውተሩ እየተጠጋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ቢሮ 21 ኬብል ከመዘርጋት ይልቅ ራውተሩን፣ ስዊቹንና ስልኩን ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ ላይ መሰካትና አንድ ርካሽ ትርፍ ስዊች መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። የተስተካከለውን ሥዕል ራውተሩ ባለበት ቁም ሣጥን በር ላይ ለጥፉት፤ የይለፍ ቃል ግን አትጻፉበት።