ቀይ ቀበሮ ቢጠፋ፣ ፍልፈል ቢጠፋ

«ከምግብ ሰንሰለቱ አንዱ ቢጠፋ ምን ይከተላል?» የሚለው ጥያቄ ከሳይንስ ፈተና አይጠፋም። የተለመደው መልስ «እሱን የሚበላው ይራባል፤ እሱ የሚበላው ይበዛል» ነው። መልሱ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ባሌ ተራሮች ላይ ማየት ይቻላል።

ከባሕር ወለል 4000 ሜትር ገደማ ከፍ በሚለው የሳነቴ አምባ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁት ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉ ናቸው፤ አምራቾች የምንላቸው እነዚህን ነው። ከዓለም ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈልና የሣር አይጦች አንደኛ ተመጋቢዎች ናቸው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭዳል፤ ወደ ውስጥ ጎትቶም አፉን በአፈር ይደፍነዋል። ያችን አፍታ የሚጠብቃት ቀይ ቀበሮ ነው። በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለብቻው ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይጠጋና ዘሎ ይይዛል።

ሣር፣ ፍልፈል፣ ቀበሮ፤ ይህ ሰንሰለት ነው። ነገር ግን አይጡን ንስርና ጭልፊትም ይበሉታል፤ ሣሩን ጥንቸልና ከብትም ይግጡታል። ሰንሰለቶቹ ሲጠላለፉ የምግብ መረብ ይሆናሉ።

እንግዲህ ቀበሮው ቢጠፋስ? አይጡ ያለ ልክ ይበዛል ለማለት አያስደፍርም። ሌሎች አዳኞች አሉበት፤ የሣሩ መጠንና የደጋው ብርድም ይገድቡታል። ፍልፈሉ ቢጠፋ ግን ቀበሮው ትልቁን ጉርሻውን ያጣል። በአይጥና በጥንቸል ሊሰነብት ቢችልም፣ ያው መሬት የሚያኖራቸው ቀበሮዎች ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። አፈሩን የሚገለብጠው ቆፋሪ ስለሌለም የሚበቅለው ተክል ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

ከላይ የደረሰ ጉዳት ምን እንደሚመስል በ2003 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በውሾች በኩል የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎችን ገብቶ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ሣሩም አይጡም በቦታቸው ስለነበሩ ግን የተረፉት ተዋልደው ሸለቆውን እንደገና ሞሉት። ጉዳቱ ከታች ቢጀምር ኖሮ የተረፉት በልተው የሚራቡት ነገር አያገኙም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል፤ የጠፋውን ይበላ የነበረው ሌላ ምግብ አለው? የጠፋው ይበላው የነበረውንስ ሌላ የሚበላው አለ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ መረቡ ድንጋጤውን ይችለዋል።

ዛሬ ባሌ ላይ ለበሽታው ክትባት አለ፤ ውሾችም ቀበሮዎችም ይከተባሉ። ሽቅብ የሚወጣው እርሻና ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ግን የሚነኩት ሣሩን ነው። ሣሩ ሲሳሳ ፍልፈሉ፣ አይጡ፣ ንስሩና ቀበሮው አብረው ይሳሳሉ፤ ለዚህ ደግሞ ክትባት የለውም።